ግሱ ሳይደርስ የሚቆረጥ መልእክት፦ ስለ አማርኛ የምስል መግለጫ መክፈቻ መስመር

መነሻ

በማኅበራዊ ሚዲያ ከምስል ጋር የሚወጣ ረጅም ጽሑፍ፣ በተለምዶ ካፕሽን የምንለው የምስል መግለጫ፣ ለአንባቢ የሚቀርበው ተቆርጦ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ይታያሉ፤ ከዚያ ሦስት ነጥቦችና «ተጨማሪ» የሚል ቃል ይከተላሉ። የቀረውን ማንበብ የሚሻ ሰው ይህን ቃል መንካት ይኖርበታል። አንባቢው ግን ምስሎችን አንድ በአንድ እየገፋ በማለፍ ላይ ያለ ሰው ነውና፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካው ያልፋል። ጸሐፊው ስለ መክፈቻው መስመር አብዝቶ ማሰቡ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መክፈቻ በየሥልጠናው የሚሰጠው ምክር በአመዛኙ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የተዘጋጀ ሲሆን በሁለት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው ቁልፍ ቃላትን ወደ ፊት ማምጣት ነው፤ ሁለተኛው አንባቢውን በጥያቄ ወይም በሚያስገርም አነጋገር ማጓጓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ሁለቱም ምክሮች ለአማርኛ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ያልፉታል የሚል ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ስለሆነም ረጅም ዓረፍተ ነገር በመካከሉ ሲቆረጥ አንባቢው ስለ ምን እንደተጻፈ ያውቃል፤ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። ለአማርኛ የምስል መግለጫ የመጀመሪያው ሕግ «አንባቢውን አጓጓ» ሳይሆን «ከመቁረጫው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በግሱ ዝጋ» መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደዚህ እምነት ያደረሰኝ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ የራሴ ስሕተት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት

በበጎ ፈቃድ በማገለግልበት አንድ ማኅበር የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ማኅበሩ በአንድ ጤና ጣቢያ ነጻ የዓይን ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። ዕለቱ ሊደርስ ሦስት ቀናት ሲቀሩት የምርመራ መሣሪያው በመበላሸቱ መርሐ ግብሩ በሦስት ሳምንት እንዲዛወር ተወሰነ፤ ይህንንም እንዳስታውቅ ተነገረኝ። እኔም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለዛ የሚከተለውን ጻፍሁ፦

«ማኅበራችን ከአጋር ድርጅቶች ጋር በመተባበር ለአካባቢው ነዋሪዎች ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በወረዳው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ነጻ የዓይን ምርመራ በሕክምና መሣሪያ መበላሸት ምክንያት ወደ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን የተዛወረ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

ከዚህ በታች ስለ ማኅበሩና ስለ ምርመራው ጥቅም የሚያብራሩ አራት አንቀጾች ተከተሉ። በዕለቱ ጠዋት ሳይሰማ የመጣ ሰው ቢኖር ለመመለስ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። በግንቡ ጥግ የተቀመጡ ሰዎች አገኘሁ፤ ከእነርሱም መካከል ነጠላቸውን ተከናንበው ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ምርመራው ተዛውሯል እኮ» አልኋቸው።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ቅዳሜ ይላል፤ ይኸው፣ ትናንት ማታ አይቼው ነው ያመጣኋቸው» አለ። እውነቱን ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው የእኔ ጽሑፍ በሦስት መስመር «ነጻ የዓይን ምርመራ» ከሚለው ላይ ይቆም ነበር። ከሥሩ ያለው ምስልም ቀድሞ የተሠራው፣ ጥቅምት 15 የሚል ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ ነበር፤ እርሱን አለመቀየሬ ጥፋቴን አክብዶታል።

እናትየዋ «አንተ ነህ የጻፍኸው ልጄ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልሁ። «ታዲያ መዛወሩን ምነው አስቀድመህ ብትነግረን?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። እኔ ግን አንድ ሙሉ ኮርስ ስለ ተግባቦት ተምሬ ያልተረዳሁትን ነገር በዚያች ጥያቄ ተረዳሁ።

መቁረጫው እንዴት ይሠራል?

ስሕተቱን ለመመርመር በቅድሚያ መቁረጫው ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ያስፈልጋል። በኢንስታግራም አንድ የምስል መግለጫ እስከ 2,200 ምልክቶች ሊይዝ ይችላል፤ ፊደሉ፣ ክፍተቱና ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ይቆጠራል። ሳይቆረጥ ይታያል ተብሎ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግን 125 ምልክት ያህል ነው። ይህን ቁጥር ብዙ መመሪያዎች እንደ ጽኑ ድንበር ያስተምሩታል። ድንበሩ ግን ጽኑ አይደለም። በተግባር የሚወስነው መስመር ነው፤ በአንድ መስመር ስንት ምልክት እንደሚገባ ደግሞ የስልኩ ስፋት፣ ተጠቃሚው የመረጠው የፊደል መጠንና የፊደሉ ቅርጽ ይወስናሉ።

እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች አሉት። አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃላችን በቁጥር ያንሳል። በሌላ በኩል ፊደሎቻችን ከላቲኑ ፊደል በአመዛኙ የሰፉ ስለሆኑ በአንድ መስመር የሚገቡት ጥቂት ናቸው። በቁጥር ያተረፍነውን በስፋት እንከስራለን ማለት ነው። የእኔን ማስታወቂያ በ125 ቢቆርጡት የሚቆመው «ምክንያት» ከሚለው ቃል ላይ ነበር፤ ቢያንስ አንድ እክል እንዳለ አንባቢው ይጠረጥር ነበር። በልጁ ስልክ ላይ ግን ፊደሉ ለአያቱ እንዲታይ ጎላ ተደርጎ ስለነበር በ102ኛው ምልክት ላይ ቆመ። ምርመራውን በጣም የሚፈልጉት ሰዎች፣ ዓይናቸው የደከመው፣ ፊደሉን አጉልተው የሚያነቡት ናቸው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቀድሞ የሚቆረጥባቸውም እነርሱ ናቸው።

ፊደላችን በቁጥርም የሚጎዳበት ቦታ አለ። ኤክስ፣ የቀድሞው ትዊተር፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ለሚጠቀም ሰው ለአንድ መልእክት የ280 ጣሪያ አድርጓል። ነገር ግን አቆጣጠሩ ሁሉን ፊደል በእኩል አያይም። የላቲን ፊደል እንደ አንድ ሲቆጠር፣ የግዕዝ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ እያንዳንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ክፍተትና በተለምዶ የምንጠቀምበት አኃዝ ግን እንደ አንድ ይታያሉ። አማርኛ ጸሐፊ የሚያገኘው ቦታ ግማሽ ያህል ነው። ለእንግሊዝኛ የተሰላ የምልክት ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ሊወሰድ የማይገባው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ግሱ የት ነው?

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንመለስ። ሙሉው ዓረፍተ ነገር ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 168 ምልክቶች አሉት። መልእክቱ ያለበት ቃል «የተዛወረ» ነው፤ እርሱ የሚጀምረው ከ143ኛው ምልክት ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ፣ ማኅበሩ፣ አጋሮቹ፣ ነዋሪዎቹ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና አገልግሎቱ፣ ከመዛወሩ በፊት የነበረውን መርሐ ግብር የሚገልጽ ነው። በመቁረጫው ፊት የቆመው ክፍል የአዲሱ ውሳኔ ማስታወቂያ አልነበረም፤ በትክክል የተጻፈ የአሮጌው መርሐ ግብር ማስታወቂያ ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ጽሑፉ «ቁልፍ ቃላትን ወደ ፊት አምጣ» የሚለውን ምክር በሚገባ ያከበረ መሆኑ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና አገልግሎት ሁሉም ከ102ኛው ምልክት በፊት ይገኛሉ። በእንግሊዝኛ ይህ ምክር የሚሠራው ባለቤቱና ግሱ በዓረፍተ ነገሩ ራስጌ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ነው፤ ጅራቱ ቢቆረጥ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቦታ፣ ጊዜ ወይም ምክንያት ነው። በአማርኛ ግን ጅራቱ ሲቆረጥ የሚጠፋው ፍርዱ ራሱ ነው፤ ሆነ ወይስ አልሆነም፣ ይሰጣል ወይስ ቀርቷል የሚለው።

ችግሩን የሚያከብዱ ሌሎች ሁለት ጠባዮች አሉ። አንደኛው አሉታ ነው። «ይሰጣል» እና «አይሰጥም» የሚለያዩት በመጨረሻው ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሃያ ቃል ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቆረጠ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር አንባቢውን መረጃ ከማሳጣት አልፎ ተቃራኒውን ሊያስተምረው ይችላል። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን መድኃኒት ለሕፃናት መስጠት» ብሎ የቆመ መስመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ በቂ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ገላጭ ሐረግ ከስሙ በፊት መምጣቱ ነው። «በወረዳው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ነጻ የዓይን ምርመራ» ስንል፣ «ምርመራ» የሚለው ስም የሚደርሰው ገላጮቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው። በእኔ ዓረፍተ ነገር የመነጋገሪያው ጉዳይ እንኳ ሙሉ የሆነው በ102ኛው ምልክት ላይ ነው። በዚህ ላይ የደብዳቤ ለዛው «መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን» የሚል ማሰሪያ ይጨምራል። ዋናው ግስ «የተዛወረ» ወደ ገላጭነት ወርዶ፣ የማሰሪያ አንቀጹን ክብር የሚያገኘው ምንም አዲስ ነገር የማይነግረው «እናሳውቃለን» ይሆናል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማስታወቂያውን እንደገና ስጽፈው መክፈቻው እንዲህ ሆነ፦

«ቅዳሜ ጥቅምት 15 የዓይን ምርመራ የለም። ወደ ኅዳር 6 ተዛውሯል፤ ቦታውና ሰዓቱ አልተለወጡም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በ26 ምልክቶች ይዘጋል። ሁለቱ በአንድነት 60 ናቸው፤ ፊደል በጎላበት በዚያ ልጅ ስልክም ቢሆን ሳይቆረጡ ይታያሉ። ቀኑን ከዕለቱ ስም ጋር የጻፍሁት ጽሑፉ በገጹ ላይ ለሳምንታት ስለሚቆይ ነው፤ «ቅዳሜ» ብቻ ቢል ከዕለቱ በኋላ ያየው ሰው የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አያውቅም። ምክንያቱ፣ ይቅርታው፣ የማኅበሩና የአጋሮቹ ስም ከመቁረጫው በታች ወረዱ። ከመልእክቱ የተሰረዘ ነገር የለም፤ የተለወጠው ተራው ነው።

ቋንቋው ራሱ ለዚህ የሚያግዝ ሌላ መንገድም አለው። «ኅዳር 6 ነው ምርመራው የሚሰጠው» ስንል ትኩረት የሚሻውን ቃል ከ«ነው» ጋር ወደ ራስጌ አምጥተን፣ ግሱን ወደ ኋላ እናደርጋለን። በዚህ አሠራር ዋናው መረጃ በስምንተኛው ምልክት ላይ ታስሮ ያልቃል። በንግግር ሁላችንም ዕለት ተዕለት የምንጠቀምበት ቢሆንም በጽሑፍ ስንቀመጥ የምንሸሸው ይመስለኛል፤ ለአጭር መክፈቻ ግን ከደብዳቤው ለዛ ይልቅ ይስማማል።

«ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር የሚያስተምረን

ይህ ሐሳብ ለአማርኛ ጽሕፈት ባዕድ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አናት ላይ «ጉዳዩ፦» የሚል መስመር አለ። ተቀባዩ ደብዳቤውን ሁሉ ሳያነብ ወደ ማን መምራት እንዳለበት እንዲያውቅ የተሠራ መክፈቻ ነው። ይሁንና ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ ልዩነታቸውም ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነው። «ስለ ዓይን ምርመራ» የሚለው ርእሰ ጉዳዩን ብቻ ይሰይማል። «የዓይን ምርመራው መዛወሩን ስለማሳወቅ» የሚለው ግን የሆነውን ይናገራል። የመጀመሪያው ለመዝገብ ቤት ይበቃል፤ ለመንገደኛ አንባቢ የሚበቃው ሁለተኛው ነው።

በቃል ባህላችን ያሉት መክፈቻዎች ግን ለዚህ ቦታ አይሆኑም። እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ሰው ቀጥታ ወደ ጥያቄው አይገባም፤ «እንቆቅልህ» ብሎ ይጣራል፣ አድማጩም «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ተረትም እንዲሁ በጥሪና በምላሽ ይጀምራል። እነዚህ መክፈቻዎች ምንም መረጃ ሳይሰጡ ቀልብ የሚይዙት አድማጩ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ ስላለና ምላሽ ስለሚሰጥ ነው። የስልክ አንባቢ ምላሽ አይሰጥም። «ውድ ተከታታዮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው መክፈቻ መልስ ሳያገኝ ከመቁረጫው በፊት ካሉት ሦስት መስመሮች አንዱን ይወስዳል።

ማጓጓትና ማታለል

እስካሁን የተናገርሁት ለማስታወቂያ ነው። ታሪክ ለሚተርክ ወይም የጥናት ውጤት ለሚያቀርብ የምስል መግለጫስ? እዚያ ሁሉን በመጀመሪያው መስመር መናገር አንባቢው እንዲቀጥል ምክንያት አያሳጣውምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አታምኑም!» ወይም «ምክንያቱን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ» ወደሚለው መክፈቻ አይመራም።

ጆርጅ ሎዌንስታይን በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ጉጉት ሥነ ልቡና ባሳተመው ጽሑፍ ጉጉት የሚነሣው ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚሻው መካከል ያለውን ክፍተት ሲመለከት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለመክፈቻ ጸሐፊ ዋጋ አለው፤ ክፍተት እንዲታይ አስቀድሞ የታወቀ ነገር መኖር አለበት። ምንም ያልተነገረው ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። ስለዚህ ጥሩ መክፈቻ አንድ እውነት ሙሉ በሙሉ ይነግርና ያ እውነት ራሱ ቀጣዩን ጥያቄ እንዲወልድ ያደርጋል።

ከላይ የጠቀስሁትን የኤክስ አቆጣጠር ለሕዝብ የሚያስተዋውቅ የምስል መግለጫ እንጻፍ እንበል። «ስለ አማርኛ ፊደል ይህን ያውቁ ኖሯል?» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ አንባቢው «ምኑን?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ የሚይዘው ነገር የለውም። «የግዕዝ ፊደል በኤክስ ላይ እንደ ሁለት ይቆጠራል።» ብለን ብንጀምር ግን ዓረፍተ ነገሩ በግሱ ተዘግቷል፤ እውነት ነው፤ በዚያው ቅጽበትም «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይወልዳል። አንባቢው ቢቀጥል ምክንያቱን ያገኛል፤ ባይቀጥልም ባዶ እጁን አልሄደም። የተዘጋ ዓረፍተ ነገርና የተከፈተ ጥያቄ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ያልተዘጋ መክፈቻ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ፌስቡክ በ2014 እና በ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ ደብቀው ለማስከፈት የሚጻፉ ርእሶችን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ላይክ አድርጉ፣ አጋሩ» እያሉ ምላሽ የሚለምኑ ጽሑፎችን ስርጭት እንደሚቀንስ አስታውቋል። ለእኔ ግን ክብደቱ ከዚህ ላይ አይደለም። የምርምር ተማሪ በመክፈቻው አንድ ጊዜ ያታለለው አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለቃለ መጠይቅ የሚፈልገው ተሳታፊ ሊሆን ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ብዙዎቻችን ተሳታፊ የምንፈልገው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ የምንጽፈውም «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ጥናት በማካሄድ ላይ ስለምገኝ» ብለን ነው። በዚህ መክፈቻ ባለቤቱ ተማሪው፣ ጉዳዩም ዲግሪው ነው፤ አንባቢው በሚታየው ክፍል ውስጥ የለም። «ለ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የሌሊት ተረኛ ነርሶችን እፈልጋለሁ።» ቢባል ግን የሚመለከተው ሰው ራሱን ያገኛል፤ የማይመለከተውም በሰላም ያልፋል። የፈቃደኝነቱ፣ የምስጢር አጠባበቁና የአጥኚው ማንነት ዝርዝር ከሥር በሙሉ መቅረብ ያለበት ግዴታ ነው፤ መክፈቻው ግን ያ ዝርዝር የማያረጋግጠውን ነገር ተስፋ ሊሰጥ አይገባም።

ተቃውሞዎችና ገደቦች

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳቀርብ የገጠመኝ የመጀመሪያ ተቃውሞ የጨዋነት ነበር። «የለም» ብሎ መጀመር ደረቅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ ጉዳዩን አይናገርም የሚል ነው። ተቃውሞውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አክብሮት የሚለካው በተቀባዩ በኩል ነው። ለእኚያ እናት «በአክብሮት እናሳውቃለን» የሚለው ሐረግ አልደረሳቸውም፤ የደረሳቸው ከንቱ መንገድ ነው። ሰላምታውና ይቅርታው በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ሊመጡ ይችላሉ፤ እዚያም አክብሮታቸው አይጎድልም።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታ ግን አለ። መርዶ በባህላችን በድንገት አይነገርም፤ ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። የሟች ቤተ ሰብ በመተላለፊያ ላይ በመጀመሪያው መስመር እንዲያነበው ማድረግ ነውር ነው። እዚያ መዘግየቱ ራሱ የመልእክቱ ክፍል ነው። በጥቅሉ መልእክቱ አንባቢው ቶሎ እንዲወስን የሚጠይቅ ሲሆን ግሱ ይቅደም፤ አንባቢው እንዲዘጋጅ የሚጠይቅ ሲሆን ይዘግይ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመለኪያ ነው። መክፈቻው ሁሉን ከተናገረ «ተጨማሪ»ን የሚነኩ ሰዎች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ ገጹን የሚመራው ሰው ደግሞ የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምርመራው መዛወሩን በ26 ምልክት አውቆ ወደ ሥራው የሄደ ሰው ምንም አልነካም፤ ሆኖም በሚገባ ተነግሮታል። መነካትን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ይህን ሰው እንደጠፋ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ለማስታወቂያ የሚሆነው መለኪያ የመንካት ቁጥር ሳይሆን የመረዳት ፈተና ነው።

ሦስተኛው ገደብ የእኔ ማስረጃ ነው። ያቀረብሁት አንድ ገጠመኝና ከሰዋስው የተነሣ ሙግት ነው። ሐሳቡን መፈተሽ ግን አስቸጋሪ አይደለም። አንድን ማስታወቂያ በሁለት መክፈቻ አዘጋጅቶ፣ ተቆርጦ የሚታየውን ክፍል ብቻ በምስል አንሥቶ፣ ለሁለት የተለያዩ የአንባቢ ቡድኖች ማሳየትና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «ቅዳሜ ወደ ጤና ጣቢያው ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?» የፊደል መጠኑን በሁለት ደረጃ መለዋወጥና አሉታዊውን መልእክት ከአዎንታዊው ለይቶ መመልከት ጥናቱን ያበለጽገዋል። የቋንቋና የሥነ ተግባቦት ተማሪዎች በአንድነት ሊሠሩት የሚችሉት፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥናት ነው።

ማጠቃለያ

እስከዚያው እኔ የምሠራበትን ልማድ ልናገር። አንድ የምስል መግለጫ ከማውጣቴ በፊት ትንሽ ስክሪን ባለው ስልክ ላይ፣ ፊደሉን አጉልቼ፣ ለራሴ ብቻ በሚታይ ገጽ አወጣዋለሁ። «ተጨማሪ»ን ሳልነካ የሚታየውን ክፍል ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳይቼ «ምን ሆነ ይላል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ስለ ዓይን ምርመራ ነው» ብሎ ከመለሰልኝ ጽሑፉ አልተሳካም ማለት ነው፤ የነገረኝ ርእሱን ነው። «ተዛውሯል» ብሎ ከመለሰልኝ ግሱ ደርሶታል።

እኚያ እናት በኅዳር 6 ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ልጅ ይዟቸው ነበር፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ ሲያዩኝ «ዛሬስ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «አለ፣ እማማ» አልኋቸው። እርሳቸው ከቤታቸው ሳይነሡ በፊት ከማስታወቂያዬ ሊያገኙት የሚገባ የነበረው መልስም ይህን ያህል አጭር ነበር።